ሶፋው ከመግባቱ በፊት

ልጆቼ፣ አዲስ ቤት የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያማክረኝ ስለ ቀለም ነው። ግድግዳው ነጭ ይሁን ወይስ ወተትማ? መጋረጃው እስከ ወለል ይውረድ ወይስ ከመስኮቱ ላይ ይቅር? እኔም ጥያቄውን በጸጥታ ሰምቼ እነሣና የክሎዜቱን በር እከፍታለሁ። የሰው ቁም ሣጥን መክፈት ነውር ነው ትሉ ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜዬ ግን ይህችን መብት ማንም አይነፍገኝም። ከበሩ ጀርባ ያለውን ሳላይ ስለ መጋረጃ አልመክርም፤ አሮጌው ሳይወጣ የገባ ጌጥ በጓዝ ላይ የተጫነ ጓዝ ነውና።

የእህቴ ልጅና ባለቤቱ በሳን ሆዜ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተው ሶፋ ሊያዝዙ ሲሉ ጠሩኝ። «እቴቴ፣ የወደድነው ሶፋ ነበር፤ ሳሎኑ ጠበበን» አለችኝ ሚስቱ። ሳሎኑ ሰፊ ነበር። ሶፋው ሊቀመጥበት በታሰበው ግድግዳ ሥር ግን ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ የታጠፉ ወንበሮች፣ የሕፃን አልጋ ክፍሎችና በጨርቅ የተሸፈነ ቴሌቪዥን ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ፊት ቆሜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፦ «ይህ የማን ነው?» ወንበሩ ወደ ዳላስ የሄደች ጓደኛ ትታው የሄደችው ነው። ሻንጣው ለአገር ቤት ነው። አልጋው «ለሚወልድ ሰው» የተቀመጠ ነው። ቴሌቪዥኑን ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ የለም። ከዚያ ሁሉ ክምር የባልና ሚስቱ የራሳቸው የሆነ አንድ ነገር አልተገኘም። የሌላው ሰው ቤት በሸመታ ይሞላ ይሆናል፤ የእኛን ቤት የሚሞላው አደራ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ብለን ስላደግን የሰው ዕቃ መጣል ያስፈራናል፤ ደግም ነው። ነገር ግን አደራ ባለቤትና ቀን አለው። ባለቤቱን ዛሬ ደውሉለት፤ የሚወስድበትን ቀን ይንገራችሁ፤ ቀኑን ካልሰጠ ልሰጠው ነው በሉትና ፈቃዱን ተቀበሉ። ያን ዕለት አምስት ሰው ጋ ተደወለ፤ አራቱ ዕቃው መኖሩን ረስተውታል።

ከዚያ በኋላ ነው ክፍል በክፍል የሚኬደው፤ እኔም ሁልጊዜ በመኝታ ቤት አስጀምራለሁ፤ ለአገር ቤት የተባለው ሻንጣ የሚበዛው እዚያ ነውና። እነዚህ ልጆች ስድስት ሻንጣ ነበራቸው። አልጋው ላይ ዘርግተን አየነው። ለወንድም ልጅ የተገዛው ስኒከር የአሥር ዓመት ልጅ ቁጥር ነው፤ ልጁ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ለእናት የተሰበሰበው ቫይታሚን ጊዜው አልፏል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ነው፤ ቀኑ ያለፈበት ስትሪፕ ቁጥሩን ያዛባል፣ በተዛባ ቁጥር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ይጎዳል። ያን ወዲያው ለይቼ አስወገድሁ። ከዚያ የሚንጠለጠለውን ሚዛን አወጣሁ። በአየር መንገዳችን በተራው መቀመጫ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀድለታል፤ ተጓዡ ደግሞ የራሱ ልብስም አለው። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ የተጓዡ ስምና የጉዞው ወር ያልተጻፈበት ሻንጣ ሻንጣ አይባልም። ስም የተገኘው ለሁለቱ ብቻ ነበር። የቀረው ደኅና ልብስ እዚሁ ለሚለብሰው ተሰጠ፤ ለወንድም ልጅ ደግሞ በቁጥሩ ጫማ የሚገዛበት ገንዘብ ተላከለት። ልጁ በስልክ ሲስቅ ሰማሁት፤ አጎቴ ዛሬም እንደ ሕፃን ያስበኝ ነበር እንዴ እያለ።

ከመኝታ ቤቱ ክሎዜት የአገር ልብሱም ይወጣል። እኔ በኦክላንድ ከቴሌግራፍ ጎዳና ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ አሮጌ ቤት ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ፤ ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው የማለዳ ጉም ወደ ሰሜን በዞረ ግድግዳ ላይ እርጥበት እንደሚያሳድር አውቃለሁ። አንዲት ጎረቤቴ የሠርግ ቀሚሷን ከሱቅ በመጣበት ፕላስቲክ እንዳለ በዚያ ግድግዳ በኩል ሰቅላው ኖረች። ለልጇ ክርስትና ስታወጣው በእጥፋቱ ላይ ቢጫ መስመር ወጥቶበታል፤ ደረቱ ላይ ያልታየ የወጥ ዘይት ቡናማ ሆኗል፤ ጠርዙን ደግሞ ብርማ ቀለም ያላት ቀጭን ነፍሳት በልታዋለች። ይህች ነፍሳት እርጥበትና ስታርች ትወዳለች። ስለዚህ ነጠላችሁንና ቀሚሳችሁን ንጹሕ ቢመስል እንኳ ሳታጥቡ አታስቀምጡ፤ ስታርች አታድርጉበት፤ ስፌቱ ውስጥ ሳይቀር እስኪደርቅ ጠብቁ፤ በፕላስቲክ ፋንታ በታጠበ የጥጥ ትራስ ልብስ ውስጥ አድርጉት። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ስታወጡት መልሳችሁ በሌላ መስመር እጠፉት። ስንቱ ይቆይ ለምትሉኝ፣ በሁለት ፋሲካ መካከል አንድ ጊዜ ያልለበሳችሁት የአገር ልብስ ከእናንተ ይልቅ ለሌላ ሰው ያስፈልጋል። ልብስ የሌላቸው አዲስ መጪ ልጆች በየቤተ ክርስቲያኑ አሉ፤ ጥለቱ የደበዘዘው ነጠላ ደግሞ እንጀራ መሸፈኛ ይሆናል።

ወደ ማድ ቤት ስንገባ ፍሪዘሩን ከፈትሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ እንደገና በርበሬ፤ ሁሉም በጥቁር ፌስታል፣ ሁሉም ያለ ቀን። እናት በሰው እጅ የላከችው በርበሬ እንዴት ይጣላል? እኔም አልጥለውም፤ አስመሰክርበታለሁ። ጥቂት በመዳፋችሁ ያዙና በጣታችሁ አሹት። ቀይነቱ ወደ ሸክላ መልክ ከሄደ፣ ኮረሪማው ካልሸተተ፣ ምላስ ላይ ሲያርፍ ከመለብለብ ይልቅ ከመረረ ዘመኑ አልፏል፤ ቅቤ አይመልሰውም። ጥሩውን በትንንሽ ከረጢት ከፋፍላችሁ ወሩንና ዓመቱን ጻፉበት፤ አንዱ በእጃችሁ፣ አንዱ በፍሪዘር ይቆይ፤ የተረፈውን ለጎረቤት ስጡ። የጤፉን ባልዲ ግን በማሽተት ብቻ አትመኑት። ክዳኑን ገልብጡና ዳሩን እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ዱቄቱን ካያያዘው፣ ወይም ማታ ማታ ከጣራው ማዕዘን ትንሽ የእሳት ራት ከታየች፣ ዱቄቱ ተበልቷል። ያን ባልዲ ከቤት አውጡ፤ የቁም ሣጥኑን ስንጥቅ በቫኩም ምጠጡ፤ መርዝ ምግብ አጠገብ አትርጩ። ከዚያ ወዲያ የሚገዛ ጤፍና ሽሮ መጀመሪያ አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ይደር፤ በውስጡ የመጣ እንቁላል ካለ በዚያው ይሞታል።

በማድ ቤት ከሁሉ የሚያከራክረው ድስቱ ነው። የእህቴ ልጅ ሚስት ሰው የሚያህል ድስት ሁለት፣ ትሪ በትሪ ላይ፣ የታጠፈ ወንበር አሥራ ሁለት አላት። «ለለቅሶ ይፈለጋል፣ እቴቴ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይፈለጋል። በአገራችን ግን ድንኳኑና አግዳሚው፣ ድስቱና ሳህኑ የዕድሩ ነው፤ አንድ ሰው በመኝታ ቤቱ አያከማችም። እኛ እዚህ ስንመጣ ዕድሩን ትተን ድስቱን ብቻ ይዘን ቀረን። በኦክላንድ የማውቃቸው ጥቂት ቤተሰቦች ይህን አስበው ደረቅ ጋራዥ ያለውን አንዱን ቤት መረጡ፤ የሁሉንም ድስትና ወንበር እዚያ ሰበሰቡ፤ በድስቱ ጀርባ የባለቤቱን ስም በማይለቅ ቀለም ጻፉ፤ ማን ምን እንደወሰደ የሚመዘገብበት ደብተር በሩ ላይ ሰቀሉ። የሳን ሆዜዎቹም ይህንኑ አደረጉ። ከየቤቱ የወጣው ጓዝ አንድ ግድግዳ ሲሞላ፣ የስድስት ቤት ክሎዜት ተከፈተ።

ጋራዥ የሌለው ሰው መጋዘን ልከራይ ይላል። ከመፈረማችሁ በፊት እርሳስ አንሡ። ወሩ 150 ዶላር ቢሆን ዓመቱ 1,800 ነው፤ ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ 3,600 ይሆናል። እኔ የማውቀው አንድ ሰው በዚህ ገንዘብ ያስጠበቀው የተረገጠ ፍራሽና ጀርባው ወፍራም የድሮ ቴሌቪዥን ነበር። ኪራዩን ሲያቋርጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የካሊፎርኒያ ሕግ 14 ቀን ያልተከፈለ ኪራይ ካለ ባለ መጋዘኑ ማስጠንቀቂያ ልኮ፣ ሥርዓቱን ከፈጸመ በኋላ ዕቃውን በጨረታ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል፤ በዚህ መንገድ የቤተሰብ ፎቶውን ያጣ ሰውም አይቻለሁ። መጋዘን የሚገባው ተመልሶ የሚወጣበት ወር ለታወቀ ዕቃ ብቻ ነው። «አንድ ቀን» የሚባል ወር በፈረንጅም በእኛም አቆጣጠር የለም።

ስለ ሕፃን ዕቃ አጭር ነገር ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ቸርነት ልጅ ይጎዳልና። ጎኑ ወርዶ የሚወጣው የሕፃን አልጋ ከሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ለሰው መስጠትም አይገባም፤ ጎኑ እየለቀቀ ሕፃናትን ስላሳጣ ነው። በሳሎኑ የነበረው አልጋ ይኸው ዓይነት ነበር፤ ከወላድ ወላድ ሲዞር የት እንደተገዛ እንኳ የሚያውቅ ጠፍቶ ነበር። በትኖ መጣል ነው እንጂ ሌላ ፍርድ የለውም። የመኪና የሕፃን መቀመጫም ከታች ወይም ከኋላ የሚያበቃበት ቀን ታትሞበታል፤ አንብቡት፤ አደጋ ያየ መቀመጫ ከሆነ ደግሞ ቀኑን መፈለግ አያስፈልግም።

የሚሸጥ ዕቃ ያለ እየመሰላችሁ ሌላውን ሁሉ አታቆዩ። በዚህ አካባቢ ደኅና ገዢ የሚያገኘው እውነተኛ እንጨት፣ ብስክሌት፣ የሕፃን ጋሪና የሚሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ምጣዱማ በእኛው ሰው መካከል ሳምንት አይቆይም። ከሰጋቱራ የተጨመቀ መደርደሪያና የተቀመጡበት ሶፋ ግን በነፃ እንኳ ወሳጅ ይቸግረዋል። እኔ የማዘው እንዲህ ነው፦ በተገዛበት ሲሶ ዋጋ አውጡት፤ በሳምንት ካልሄደ በግማሽ አሳንሱት፤ በሁለተኛው ሳምንት ካልሄደ ይሰጥ። ሻጭና ገዢ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይገናኙ፤ ገዢው «እውነተኛ ሰው መሆንህን ላረጋግጥ፣ በስልክህ የመጣውን ቁጥር ንገረኝ» ካላችሁ እርሱ ዕቃ ሊገዛ አልመጣም፤ በስማችሁ ሌላ ሥራ ሊሠራ ነው የመጣው።

የማይሰጥና የማይሸጥ ዕቃ መንገድ ዳር አይጣልም። በኦክላንድ ጎዳናዎች ላይ የወደቀውን ፍራሽና ሶፋ አይታችኋል፤ ከእኛ እጅ አንዱ እንዳይጨመር። ኦክላንድ ለነዋሪዎቿ፣ ሳን ሆዜም ለነዋሪዎቿ፣ ትልልቅ ዕቃ በቀጠሮ የሚያነሣ የከተማ አገልግሎት አላቸው፤ ቀጠሮው እንዲደርስላችሁ ቀለም ቀቢው ከመምጣቱ አስቀድማችሁ ደውሉ። አዲስ ፍራሽ የሚያመጣላችሁ ሱቅም አሮጌውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲወስድ በካሊፎርኒያ ሕግ ግዴታ አለበት፤ ካልነገራችሁት ግን እርሱ ላይናገር ይችላል። ቴሌቪዥንና ባትሪ ከቆሻሻ ጋር አይገቡም፤ የኤሌክትሮኒክስ መቀበያ አላቸው።

አሁን ሳሎኑ ባዶ ሆነ፤ ቡፌውም ብቻውን ቆመ። እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ይላል። ጥቅምት 17 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ከቀኑ 11 ሰዓት አልፎ የሎማ ፕሪዬታ መንቀጥቀጥ ሲመታን እኔ ኦክላንድ ነበርሁ። በምዕራብ ኦክላንድ ባለ ሁለት ፎቁ የሳይፕረስ አውራ ጎዳና ወድቆ 42 ሰው ሞተ። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ግን ማንንም ያልጎዳ አንድ ነገር አየሁ፦ ከግድግዳ የታሰረው ቁም ሣጥን ቆሞ ቀረ፤ ያልታሰረው ተዘርሮ በሩን ዘጋ፤ ነርሷም በመስኮት ገባች። ከዚያ ወዲህ በምገባበት ቤት ሁሉ ቡፌውን በእጄ ወዘወዝ አደርገዋለሁ። የሄይዋርድ ስንጥቅ በኦክላንድ ኮረብቶች ሥር ያልፋልና ይህ ጨዋታ አይደለም። ቡፌ የሚቆየው ሦስት ነገር ከተደረገለት ነው። ላዩ ላይ የተከመረው ሻንጣና ጀበና ይውረድ፤ ከባዱ ብርጭቆና ሸክላ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ይውረድ፤ ጫፉ በማሰሪያ ከግድግዳው ይታሰር። ብሎኑ የሚይዘው ከቀለሙ ጀርባ ካለው ቋሚ እንጨት ነው፤ ጂፕሰሙን ብቻ ከያዘ በመጀመሪያው ወዝወዝ ይነቀላል። እንጨቱን ለማግኘት ግድግዳውን በጣት አንኳኩ፣ ድምፁ ባዶ ካልሆነበት ፈልጉ፣ ወይም ርካሿን መፈለጊያ ግዙ። ተከራይ ከሆናችሁ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ቀለሙ የሚቀባው ይህ ካለቀ በኋላ ነው፤ አለዚያ አዲሱን ግድግዳ እንደገና ትበሳላችሁ። ሶፋውን ከማዘዛችሁ በፊትም ስፋቱን በወረቀት ፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፉና ጥቂት ቀን ዙሩበት፤ ረከቦቱ የሚቀመጥበትና ቡና የምታፈላው ሴት እጇን የምትዘረጋበት ቦታ ከቀረ ልኩ ነው።

ወረቀትና ፎቶ የመጨረሻው ነው። በእነርሱ የጀመረ ሰው ወለል ላይ ተቀምጦ ሲያነብና ሲያለቅስ ይመሻል፤ ሌላው ክፍል ሳይነካ ይቀራል። የግብር ወረቀትን የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በተለመደው ሁኔታ 3 ዓመት፣ ካሊፎርኒያ 4 ዓመት ወደ ኋላ ሊመለከተው ስለሚችል ረጅሙን ያዙ፤ ገቢው ከተዛባ ግን ይረዝማል። የስደት ወረቀትና የዜግነት ምስክር ወረቀት ግን ዕድሜ ልክ ይቆያል። የዜግነት ወረቀቱን ለማስተካት ከ500 ዶላር በላይና ብዙ ወራት ይጠይቃል። ከደጃፍ በቀላሉ በሚደረስበት አንድ መያዣ ውስጥ ሰብስባችሁ አኑሩት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ቦታውን ይወቅ።

ፎቶውን ደግሞ ከዚያ ሙጫ ካለው የድሮ አልበም አውጡት፤ ሙጫው ቢጫ እያደረገ ይበላዋል። ካልለቀቀ ቀጭን የጥርስ ክር ከሥሩ አሳልፋችሁ በዝግታ አስነሡት፤ በኃይል ከሳባችሁት ይቀደዳል። የእህቴ ልጅ ከእናቱ አልበም ባወጣቸው ፎቶዎች መካከል ማን እንደሆኑ ያላወቃቸው ብዙ ፊቶች ነበሩ፤ በዚያው ምሽት በስልክ እያሳየ እናቱን ጠየቀ፤ እርሷም ከመንዝ ዘመዶቿ እስከ ትምህርት ቤት ጓደኞቿ አንድ በአንድ ነገረችው። ስሙን በፎቶው ጀርባ በለስላሳ እርሳስ፣ በጠርዙ በኩል፣ ሳትጫኑ ጻፉ፤ የእስክርቢቶ ቀለም ወደ ፊቱ ያልፋል። ለሳሎኑ ግድግዳ ቅጂው ይበቃል፤ ዋናው ከፀሐይ ርቆ በወረቀት ፖስታ ይቀመጥ። ፍሬሙም ከሶፋው ራስጌ ላይ ከሆነ ቀላሉን ምረጡ፤ መስታወት ያለውን ከባዱን ማንም ከማይቀመጥበትና ከማይተኛበት ግድግዳ ላይ፣ በተዘጋ መንጠቆ ስቀሉት።